ሚዛኑ ጨመረ፣ ቦርጩ ቀነሰ፦ ክሬቲን ዳይታችሁን ያበላሻል?

ባለፈው ሰሞን ከመተማ ዮሐንስ አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ክሬቲን ከጀመርኩ 8 ቀን ሆነኝ። ዳይት ላይ ነኝ። ዛሬ ሚዛን ላይ ስወጣ ጭራሽ ጨምሬያለሁ። ልጣለው እንዴ?»

ልጁ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር በሲሚንቶ የተሞላ ቆርቆሮ ጫፍና ጫፉ ላይ ባለው ብረት ስፖርት ይሠራል። ክሬቲኑን ከጎንደር ከሚመጣ ሰው ነው ያስመጣው፤ ለሱ ትንሽ ብር አይደለም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከዚያ ቀጥሎ የጻፈው ነው፦ «ከትናንት ጀምሮ እራትም ትቻለሁ»።

ቀኑን ሙሉ በዚያ ሙቀት ጆንያ የሚሸከም ሰው፣ ቀድሞውኑ ምግብ ቀንሶ ሳለ፣ አንድ ቁጥር አይቶ ደንግጦ እራቱን ተወ ማለት ነው። ቁጥሩ ስለ ስብ የሚነግረው ነገር አልነበረም። ይህንን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ተመሳሳይ ጥያቄ ከገንዳ ውሃም ከሌላም ቦታ ደርሶኛል፤ «ክሬቲን ያወፍራል»፣ «ክሬቲን ለሚጨምር እንጂ ለሚቀንስ አይሆንም» የሚባለው ነገር ሰፊ ነው። እስቲ ረጋ ብለን እንየው።

▪️ ክሬቲን ምንድን ነው?

ክሬቲን መርፌ አይደለም፣ ሆርሞንም አይደለም። አሁን ይህን እያነበባችሁ ሰውነታችሁ ውስጥ አለ። ጉበታችሁና ኩላሊታችሁ ከፕሮቲን ቅንጣቶች ይሠሩታል፤ ቀሪውን ከሥጋና ከዓሣ ታገኙታላችሁ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1832 ያገኘውም ሥጋ ውስጥ ነው፤ ስሙ ራሱ ሥጋ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሰውነት ውስጥ ወደ 120 ግራም ገደማ ክሬቲን አለ። 95 በመቶ የሚሆነው የተቀመጠው ጡንቻ ውስጥ ነው። ሥራው አጭርና ከባድ ነገር ስትሠሩ ነው የሚታየው። ጆንያ ከመሬት ብድግ ስታደርጉ፣ ብረት ስትገፉ፣ ስትሮጡ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 10 ሰከንዶች ያህል ጡንቻው ፈጣን ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ክምችት ነው። ክምችቱ ሲያልቅ ነው «አንድ ጊዜ ልድገም» ብላችሁ ክንዳችሁ እምቢ የሚላችሁ።

እንደ ውኃ ጄሪካን አስቡት። ብዙ ሰው ጄሪካኑ ሙሉ አይደለም። ዱቄቱን በየቀኑ ስትወስዱ ጄሪካኑ እየሞላ ይሄዳል፤ ከሞላ በኋላ የሚጨመረው በሽንት ይወጣል። በምግብ ብቻ 5 ግራም ለማግኘት በየቀኑ አንድ ኪሎ ገደማ ጥሬ ሥጋ ያስፈልግ ነበር። ረጅም ጾም የሚጾም ሰው ወይም ሥጋ ብዙም የማያገኝ ሰው ደግሞ ጄሪካኑ ከሌላው የጎደለ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ሲጀምር የሚሞላው ብዙ ነው፤ ሚዛኑም ከሌላው ሰው በለጥ ብሎ ሊጨምርበት ይችላል። ይህችን ነጥብ ያዟት።

▪️ ታዲያ ሚዛኑ ለምን ጨመረ?

ክሬቲን ወደ ጡንቻ ሲገባ ብቻውን አይገባም። ውኃ ይዞ ይገባል። ጨው ያለበት ነገር ውኃ እንደሚስበው ማለት ነው። ውኃው የሚቀመጠው ጡንቻው ውስጥ ነው፤ ሆድ ላይ አይደለም፣ ቆዳ ሥርም የሚከማች ስብ አይደለም።

መጠኑ እንደየሰው ይለያያል። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ኪሎ እስከ ሁለት ኪሎ ባለው መካከል ነው። የሚመጣውም መጀመሪያ ላይ ነው፤ ጄሪካኑ ሲሞላ ይቆማል። በየወሩ እየጨመረ የሚሄድ ነገር አይደለም። ስለዚህ ጓደኛዬ በ8 ቀን ያየው ጭማሪ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ እንዲያውም ዱቄቱ ሐሰተኛ እንዳልሆነ የሚጠቁም ምልክት ሊሆን ይችላል።

▪️ ስብ የሚቀንሰው በምንድን ነው?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚፈታው። ስብ የተጠራቀመ ጉልበት ነው። ሰውነት በቀን ከሚያቃጥለው ያነሰ ጉልበት ከምግብ ሲያገኝ፣ ጉድለቱን ለመሙላት ከስቡ ያወጣል። የካሎሪ ጉድለት የሚባለው ይኼ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7700 ካሎሪ ያህል ይይዛል ተብሎ ይሰላል። በቀን 500 ካሎሪ ቢጎድልባችሁ በሳምንት 3500 ይሆናል፤ ይህም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ 450 ግራም ገደማ ስብ ነው።

አሁን ክሬቲንን እዚህ ሒሳብ ውስጥ አስገቡት። 5 ግራም ክሬቲን ሰውነት እንደ ስኳር ወይም እንደ ዘይት አቃጥሎ ጉልበት የሚያገኝበት ምግብ አይደለም። እንደ ፕሮቲን እንቁጠረው እንኳን ብንል 20 ካሎሪ ነው፤ ሻይ ላይ ከምትጨምሯት አንድ ማንኪያ ከምናምን ስኳር አይበልጥም። ጉድለቱ 500 ከሆነ ክሬቲን ወሰዳችሁም አልወሰዳችሁም 500 ነው። ሰውነት ደግሞ ጉድለቱን በውኃ መሙላት አይችልም፤ ውኃ ውስጥ ካሎሪ የለም። የግድ ከስቡ ማውጣት አለበት።

ማለትም ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ጊዜ እየተካሄዱ ነው። ስብ እየወጣ፣ ውኃ እየገባ። ሚዛን ደግሞ ሁለቱን አይለይም፤ ደምሮ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

▪️ በቁጥር እንየው

እንበልና አንድ ልጅ 84 ኪሎ ነው። በቀን 500 ካሎሪ ጉድለት ይዞ፣ በየቀኑ 5 ግራም ክሬቲን እየወሰደ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ብረት እየሠራ ጀመረ።

አንደኛ ሳምንት፦ 450 ግራም ስብ ወጣ። ጡንቻው ውስጥ 900 ግራም ውኃ ገባ። ሚዛኑ 84.45 ይላል። ልጁ ደነገጠ።

ሁለተኛ ሳምንት፦ ሌላ 450 ግራም ስብ ወጣ። ጄሪካኑ ሊሞላ ስለሆነ የገባው ውኃ 200 ግራም ብቻ ነው። ሚዛኑ 84.2። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዳይት ይዞ፣ አሁንም ከጀመረበት በላይ ነው! አብዛኛው ሰው ክሬቲኑን የሚጥለው ወይም ዳይቱን የሚተወው እዚህች ጋር ነው።

ሦስተኛ ሳምንት፦ ስብ እንደተለመደው 450 ግራም ወጣ፤ ውኃው ቆሟል። ሚዛኑ 83.75።

አራተኛ ሳምንት፦ 83.3።

በሚዛን ከታየ ልጁ በአንድ ወር የቀነሰው 700 ግራም ብቻ ነው። በእውነት የወጣው ስብ ግን 1 ኪሎ ከ800 ግራም ነው። ልዩነቷ 1 ኪሎ ከ100 ግራም ውኃ ናት፤ እሷም ያለችው ጡንቻው ውስጥ ነው። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሚዛኑና ስቡ አብረው ይወርዳሉ። (በተግባር ቁጥሩ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ነገሩ እንዲገባን ነው።)

አሁን ይሄው ልጅ በሁለተኛው ሳምንት ክሬቲኑን ቢጥለውስ? ጄሪካኑ ቀስ እያለ ይጎድላል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ወደ ድሮው መጠን ይመለሳል፤ ውኃውም አብሮ ይወጣል። በዚያን ጊዜ ሚዛኑ ፈጠን ብሎ ይወርድና «አያችሁ? ክሬቲኑን ስተው ቀነስኩ» ይላል። የቀነሰው ግን ውኃ ነው። «ክሬቲን ስብ ያግዳል» የሚለው ወሬ ከሚወለድባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው። ልጁ አልዋሸም፣ ሚዛኑም አልዋሸም፤ ሁለቱም ስለ ስብ አላወሩም እንጂ።

▪️ እንግዲያው በምን እንለካ?

የልብስ ሰፊ ሜትር ግዙ። ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ፣ ምግብ ሳትቀምሱ፣ እምብርታችሁ ላይ ዙሪያውን ለኩ። ሆድ ሳትስቡ፣ ቀስ ብላችሁ ተንፍሳችሁ። በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። ክሬቲን የሚያመጣው ውኃ የሚገባው ክንድና ጭን ጡንቻ ውስጥ ስለሆነ ወገባችሁን አያሰፋውም። ሚዛኑ ጨምሮ ወገቡ ከጠበበ ስብ እየወጣ ነው። አለቀ።

ሚዛንም መጠቀም ከፈለጋችሁ የአንድ ቀን ቁጥር አትመኑ። በተለይ በኛ ቆላ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መተማ 40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ አንድ ሰው በሥራ ቀን ሁለት ሊትር ላብ ቢያፈስ ማታ ሁለት ኪሎ «ቀንሶ» ያድራል፤ ሲጠጣ ይመልሰዋል። ስለዚህ በየቀኑ ጠዋት ተመዝናችሁ የሰባቱን ቀን ደምራችሁ ለሰባት አካፍሉ። የዚህን ሳምንት አማካይ ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር አወዳድሩ። ክሬቲን የጀመራችሁበትን የመጀመሪያ ሁለትና ሦስት ሳምንት ደግሞ ለፍርድ አትጠቀሙበት።

ሦስት ሳምንት አልፎ ወገቡም ካልጠበበ፣ ሚዛኑም ካልወረደስ? ያኔ የጎደለ ካሎሪ የለም ማለት ነው። ጥፋተኛው ክሬቲን ሳይሆን ሌላ ቦታ ነው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ወደ 240 ካሎሪ ነው። ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ 250 ገደማ ነው። ድምሩ 490፤ የቀኑ ጉድለት በሙሉ ሄደ። ሙቀት ሲሆን ለስላሳው ሁለት ላይ አይቆምም፤ ካርካዴውም ስኳር ይበዛበታል። መጀመሪያ እነዚህን ፈትሹ።

▪️ ክሬቲን «ያወፈራቸው» ሰዎች አሉ፤ እንዴት?

አሉ። ውሸታሞች አይደሉም። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ከሁለት አንዱ ሆኖ ይገኛል።

አንደኛው ማስ ጌይነር ነው። ትልቅ ባልዲ የሚያህል ዕቃ፣ ላዩ ላይ «ክሬቲን አለው» የሚል ጽሑፍ አለበት። ክሬቲን አለው፤ እውነት ነው። ግን አብዛኛው ስኳርና ስታርች ነው። አንድ ጊዜ የሚጠጣው 1000 ካሎሪና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ያ ዕቃ የተሠራው ለመጨመር ነው። ዳይት ላይ ሆኖ ያንን የሚጠጣ ሰው ቢወፍር ክሬቲኑ አይደለም ያወፈረው። ስትገዙ ዕቃውን አዙሩና የይዘቱን ዝርዝር አንብቡ። ክሬቲን ሞኖሃይድሬት የሚል አንድ ነገር ብቻ መኖር አለበት። የካሎሪ ቁጥሩ በመቶዎች ከሆነ መልሱት።

ሁለተኛው በጁስ መበጥበጥ ነው። ይሄ ምክር ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ አንድ ጥናት ላይ ክሬቲንን ከብዙ ስኳር ጋር የወሰዱ ሰዎች ጡንቻቸው ውስጥ የበለጠ ክሬቲን ገብቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ «በጁስ ውሰዱት» የሚለው ነገር ጂም ለጂም ተወራ። ግን ጥናቱ ላይ የተሰጠው ስኳር ስንት ነበር? በአንድ ጊዜ 93 ግራም ገደማ፣ በቀን አራት ጊዜ። ሲሰላ በቀን ወደ 1500 ካሎሪ ነው። ለጥናት አምስት ቀን ያስኬዳል፤ ዳይት ላይ ላለ ሰው ግን ጉድለቱን ሦስት እጥፍ ይደፋዋል። በተራ ውኃም ጄሪካኑ ይሞላል፤ ትንሽ ይዘገያል እንጂ።

▪️ ካላከሳኝ ለምን እወስደዋለሁ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ክሬቲን ስብ አያቃጥልም። «ያከሳል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ እሱም ተሳስቷል።

ጥቅሙ ሌላ ነው። ምግብ ስትቀንሱ ሰውነት ከስብ ጋር ጡንቻም ሊያጣ ይችላል። ጡንቻን የሚያቆየው ዋናው ነገር ከባድ ነገር ማንሳታችሁን መቀጠላችሁና በቂ ፕሮቲን መብላታችሁ ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ያገኛችሁትን። ችግሩ ዳይት ላይ ጉልበት ይደክማል፤ ስምንት ጊዜ ታነሱት የነበረው ብረት ስድስት ላይ ያቆማችኋል። ጄሪካኑ ሙሉ ሲሆን ያቺን ሰባተኛና ስምንተኛ ማንሳት ማቆየት ይቀላል። ያ ማንሳት ነው ጡንቻውን «አትሂድ» የሚለው።

ግን አናጋንን። እ.ኤ.አ. በ2025 የአውስትራሊያው ኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ስፖርት ከመጀመራቸው በፊት ለአንድ ሳምንት 5 ግራም ክሬቲን የወሰዱ ሰዎች ስብ ያልሆነው ክብደታቸው ከሌሎቹ በግማሽ ኪሎ ገደማ በለጠ። ሳይሠሩ የመጣ ነውና ውኃ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከዚያ በኋላ በ12 ሳምንት ስፖርት ግን በወሰዱትና ባልወሰዱት መካከል በጡንቻ ዕድገት ልዩነት አልታየም። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ ትንሽ ጥቅም ያሳያሉ። ስለዚህ ክሬቲን ረዳት ነው፣ ተአምር አይደለም። በወር ለእንቁላል የሚሆናችሁን ብር የሚበላባችሁ ከሆነ እንቁላሉን ምረጡ። ይህን ያለ ማፈር ነው የምለው።

▪️ በኛ ሙቀት እንዴት ይወሰድ?

በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም። ዕቃው ውስጥ ያለችው ማንኪያ አብዛኛውን ጊዜ 5 ግራም ናት፤ ጀርባው ላይ አረጋግጡ። መጀመሪያ ሳምንት 20 ግራም መውሰድ የሚባለው ነገር ግድ አይደለም። ኤሪክ ሁልትማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳዩት መሠረት በቀን 3 ግራም የወሰደ ሰውም በ28 ቀን እዚያው ይደርሳል። ለዳይተኛ ደግሞ ቀስ ብሎ መሙላት ይሻላል፤ ሚዛኑም በአንዴ ዘሎ አያስደነግጥም፣ ሆድም አያገላብጥም።

ሰዓቱ ብዙም ለውጥ የለውም፤ ዋናው በየቀኑ መውሰድ ነው። ረመዳን ላይ ያላችሁ ከፍጥር በኋላ ወይም ሱሁር ላይ ውሰዱት። የሐዋርያትን ወይም የሁዳዴን ጾም የምትጾሙ «ከሥጋ ነው የሚሠራው?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ገበያ ላይ ያለው ዱቄት በፋብሪካ በኬሚካል ውህደት የሚሠራ ነው፤ ከእንስሳ አይወጣም። በካፕሱል የሚሸጠው ግን ሽፋኑ ከእንስሳ ጄላቲን ሊሆን ስለሚችል ዱቄቱን መምረጥ ይሻላል። የቀረው የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ጉዳይ ነው።

ሙቀት ዱቄቱን ያበላሸዋል ወይ? ደረቁን አያበላሸውም። በ40 ዲግሪ ከሦስት ዓመት በላይ ተቀምጦ ሳይበላሽ ተገኝቷል። እርጥበት እንዳይገባው ብቻ በደንብ ክደኑት፤ በክረምት በተለይ። በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ሌላ ነው፤ ቀስ በቀስ ክሬቲኒን ወደሚባል ለጡንቻ ወደማይጠቅም ነገር ይለወጣል፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ጠዋት በሃይላንድ በጥብጣችሁ እርሻ ላይ ይዛችሁ አትዋሉ። በጥብጡ፣ ወዲያው ጠጡ።

«ክሬቲን ውኃ ከሰውነት ያደርቃል፣ ጡንቻ ያሸማቅቃል» የሚለውስ? ጥናቶች ይህን አላገኙም፤ በሙቀት ውስጥ በተሠሩትም ላይ ጭምር። ቆላ ላይ የሚያደርቃችሁ ላቡና ዳይቱ ነው። ምግብ ስትቀንሱ ከምግቡ ጋር የምታገኙት ውኃና ጨውም ይቀንሳል። ሽንታችሁን እዩ፤ ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ውኃ አንሷችኋል። ከራስ ምታትና ማዞር ጋር ከሆነ ሥራውን አቁማችሁ ጥላ ያዙ።

▪️ ኩላሊትና ምርመራ

ቅድም ክሬቲኒን ያልኩት ነገር እዚህም ይመጣል። ክሬቲን ሰውነት ውስጥ አገልግሎ ሲጨርስ ክሬቲኒን ይሆንና በኩላሊት በኩል ይወጣል። ሐኪሞች ኩላሊት ደህና መሆኑን ለማየት ደም ውስጥ የሚለኩት ይህንኑ ነው። ክሬቲን የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ ደህና ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ጤነኛ ሰው ላይ በተለመደው መጠን ኩላሊት እንደሚጎዳ ጥናቶች አላሳዩም፤ ግን ሐኪሙ ካላወቀ ቁጥሩ ሊያሳስተው ይችላል። ስለዚህ ደም ስትሰጡ «ክሬቲን እወስዳለሁ» በሉ።

በኛ አካባቢ ይሄ ነገር ተራ ጉዳይ አይደለም። መተማና ቋራ የካላዛር አገር ናቸው። የካላዛር ሕክምና ሲሰጥ ኩላሊት ይመረመራል። እና ደግሞ አንድ ነገር፦ ትኩሳት ሁለት ሳምንት አልለቅ ካላችሁ፣ ክብደታችሁ በፍጥነት እየወረደ ከሆነ፣ በግራ ጎናችሁ ከጎድን አጥንት ሥር ሆዳችሁ ካበጠ፣ «ዳይቱ ሠራ» ብላችሁ አትደሰቱ። ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዳይት ትኩሳት የለውም።

የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ለኩላሊት ወይም ለደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ውድድር የምትወዳደሩ ካላችሁ ክሬቲን በዓለም ፀረ ዶፒንግ ድርጅት የተከለከለ አይደለም። ግን ማሸጊያው የተከፈተ ወይም በላስቲክ ተመዝኖ የሚሸጥ ዱቄት አትግዙ፤ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለበት ማንም አያውቅም።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስና ልጨርስ። «እራትህን መልስ፤ ክሬቲኑን በውኃ ቀጥል፤ ሚዛኑን ለሦስት ሳምንት እርሳው፤ ሜትር ግዛ» አልኩት። ሜትር አልገዛም። በአምስተኛው ሳምንት ግን የቀበቶውን ፎቶ ላከልኝ፤ ከለመዳት ቀዳዳ አንድ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሥሩ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ሚዛኑ አሁንም ብዙ አልወረደም። ሱሪው ግን እየወደቀብኝ ነው»።